እነዚህ ሁለት ፎቶዎች የአንድ ሰው ናቸው?

አንድ አሮጌ ፎቶና አንድ የስልክ ፎቶ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ዓይንን ነው። «ዓይኑን እዩት፣ ራሱ ነው!» ይላል አንዱ። ሌላው «አይ፣ አፍንጫው አይደለም» ይላል። ከዚያ ክርክር ይነሳል። ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው በእርግጠኝነት የተናገረው ሰው ነው። በደንብ ያየው ሰው ግን ሌላ ሊሆን ይችላል።

እኔ አዳማ ውስጥ አሮጌ ፎቶ አድሳለሁ። ሰዎች ለማሳደግ ወይም ለማጥራት ብለው የሚያመጡልኝ ፎቶ ብዙውን ጊዜ የጠፋ ሰው ፎቶ ነው። በደርግ ጊዜ ከቤት ወጥቶ የቀረ ወንድም፣ ዓረብ አገር ሄዳ ድምፅዋ የጠፋ እህት፣ በባቡር ወደ ጅቡቲ የሄደ አባት። አሁን ደግሞ በቴሌግራም ፎቶ ይመጣል። «ይሄ ሰውዬ የእናንተ ሳይሆን አይቀርም» ይባላል። ቤተሰብ ተስፋ ያደርጋል። አንዳንዴም ለመሳፈሪያና ለሕክምና ተብሎ ገንዘብ ይጠየቃል። ስለዚህ ፎቶ እንዴት እንደሚነጻጸር በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ።

የማናውቀውን ፊት በደንብ አናይም

የምናውቀውን ሰው በደበዘዘ ፎቶም፣ በጎንም፣ በጨለማም እንለየዋለን። ከዚህ የተነሳ ፊት መለየት የምንችልበት ነገር ይመስለናል። የማናውቀው ሰው ፊት ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል።

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። እንግሊዝ አገር ለሚኖሩ ሰዎች 40 ፎቶዎች ተሰጧቸው። ሥራቸው ቀላል ነበር፦ የአንድ ሰው ፎቶዎችን አንድ ላይ መደርደር። ፎቶዎቹ የሁለት ሆላንዳውያን ታዋቂ ሴቶች ነበሩ፣ የእያንዳንዳቸው 20። ሴቶቹን የማያውቁት ተሳታፊዎች ብዙውን ጊዜ ሰባት ስምንት የተለያዩ ሰዎች አድርገው ደረደሯቸው። ሴቶቹን የሚያውቁ ሆላንዳውያን ግን ያለ ችግር ሁለት ቦታ ከፈሏቸው። ፎቶዎቹ ያው ናቸው። ልዩነቱ ፊቱን ማወቅና አለማወቅ ብቻ ነው።

ሙያተኛ መሆንም ብቻውን አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2014 በአውስትራሊያ የፓስፖርት ሠራተኞች ተፈትነው ነበር። ፊታቸው የቆመው ሰው ከፎቶው ጋር አንድ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን መወሰን ነበረባቸው። ፎቶው የሌላ ሰው ሆኖ ሳለ በ14 በመቶው «ራሱ ነው» ብለው አሳለፉት። ብዙ ዓመት የሠሩት አዲስ ከገቡት አልተሻሉም። ሰውየው በአካል ፊታቸው እየቆመ እንዲህ ከሆነ፣ በሁለት ፎቶ መካከል ሃምሳ ዓመት ሲገባ ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት።

እዚህ ላይ አንድ የቤተሰብ ነገር አለ። እህት ወንድሟን ታውቀዋለች፤ ይህ እውነት ነው። የምታውቀው ግን የሃያ ሁለት ዓመቱን ልጅ ነው። የሰባ ሁለት ዓመቱን ሽማግሌ አይታው አታውቅም። ከዚያ በላይ ደግሞ እንዲሆንላት ትፈልጋለች። ይህ ምኞት ዓይንን ይመራል። ማንም ከዚህ ነፃ አይደለም፤ የፎረንሲክ ባለሙያዎችም ጭምር። እነሱ ችግሩን የሚቀንሱት ሥራውን በቅደም ተከተል በመሥራት ነው። በመጀመሪያ አንዱን ፎቶ ብቻ ያያሉ፣ ያዩትንም ይጽፋሉ። ሁለተኛውን የሚከፍቱት ከዚያ በኋላ ነው። ቀጥሎ ክፍል በክፍል ያነጻጽራሉ። በመጨረሻ ሌላ ባለሙያ የመጀመሪያውን መልስ ሳይሰማ እንደገና ይሠራዋል። ይህ ቅደም ተከተል ቤት ውስጥም ይሠራል። ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል።

ከፊቱ በፊት ፎቶውን

ሁለት ፎቶ ሲለያይ ሁልጊዜ ሰው ተለያይቷል ማለት አይደለም። ፎቶው ራሱ ፊትን ይለውጣል። ስለዚህ ሰውየውን ከማየታችሁ በፊት ፎቶው እንዴት እንደተነሳ እወቁ።

ትልቁ ነገር ርቀት ነው። ስልክ በእጅ ተይዞ ሰልፊ ሲነሳ ካሜራው ከፊት 30 ሳንቲሜትር ገደማ ነው የሚርቀው። አፍንጫ ከሌላው ፊት ይልቅ ለካሜራው ስለሚቀርብ ተልቆ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 ተመራማሪዎች ሲያሰሉት፣ በዚህ ርቀት የተነሳ አፍንጫ አንድ ሜትር ተኩል ርቆ ከተነሳው 30 በመቶ ያህል ሰፍቶ ይታያል። ጆሮዎች ደግሞ ወደ ኋላ ይሸሻሉ፣ ያንሳሉ። የድሮ ፎቶ ቤቶች ካሜራውን ራቅ አድርገው ነበር የሚያነሱት። ስለዚህ የድሮ ጉርድ ፎቶ ከሰልፊ ጋር ሲነጻጸር «አፍንጫው ሰፍቷል» የሚለው አስተያየት ብዙም አያስኬድም። በማስመሪያ መለካትም ከዚሁ የተነሳ ያሳስታል። ባለሙያዎች ከፎቶ ላይ የፊት ርዝመትና ስፋት እየለኩ መወሰንን አይመክሩም፤ ጭንቅላት ትንሽ ወደ ታች ሲያዘነብል እንኳ ልኩ ሁሉ ይለወጣል።

ሁለተኛው ነገር ግራና ቀኝ ነው። ብዙ ስልኮች የፊት ካሜራቸው ያነሳውን እንደ መስታወት ገልብጠው ያስቀምጡታል። የድሮ ኔጋቲቭም ተገልብጦ ሊታተም ይችላል። ያን ጊዜ በቀኝ ጉንጭ ያለ ምልክት በግራ ይታያል። ፎቶ መገልበጡን ለማወቅ ፊቱን ተዉትና ዙሪያውን ፈልጉ። ጽሑፍ ካለ ፊደሉ ይናገራል። የወንድ ኮት የደረት ኪስ ብዙውን ጊዜ በለባሹ ግራ በኩል ነው። የወንድ ሸሚዝ ቁልፍ የሚተከለው በለባሹ ቀኝ በኩል ነው። እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ናቸው፣ ግን ሙሉውን መልስ ሊለውጡ ይችላሉ።

ሦስተኛው የሰው እጅ ነው። የድሮ ፎቶ አንሺዎች ኔጋቲቩን በእርሳስ እየነኩ ሽፍታና ጠባሳ ያጠፉ ነበር። ዛሬ የስልኩ ፊልተር ቆዳውን ራሱ ያለሰልሳል። ሁለቱም የሚሠሩት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፦ ብዙውን ጊዜ ምልክት ያጠፋሉ እንጂ ምልክት አይጨምሩም። ስለዚህ አንድ ጠባሳ በፎቶ ላይ አለመታየቱ ደካማ ማስረጃ ነው። መታየቱ ግን ጠንካራ ነው፤ የወረቀቱ ጭረት አለመሆኑን ካረጋገጣችሁ። ጭረት ከሆነ መስመሩ ከቆዳው አልፎ ልብሱ ወይም ግድግዳው ላይ ይሄዳል። ወረቀቱን ወደ መስኮት ዘንበል አድርጋችሁ ስታዩትም ያብረቀርቃል ወይም ይጎደጉዳል።

ምን ይለወጣል፣ ምን ይቆያል

የሚለወጠው ብዙ ነው። የሚያሳዝነው ሰው አብዝቶ የሚያየውም ይኸው የሚለወጠው ነው። ቅንድብ ይወርዳል። የላይኛው የዓይን ቆብ ቆዳ ላልቶ ዓይን ላይ ይተኛል፤ በዚህም ትልቅ የነበረ ዓይን ጠባብ ይመስላል። በሽማግሌዎች ዓይን ጥቁሩ ክፍል ዙሪያ ግራጫ ቀለበት ሊወጣ ስለሚችል የዓይን ቀለም የተለወጠ ይመስላል። የአፍንጫ ጫፍ ወደ ታች ይወርዳል። ከንፈር ይሳሳል። ጥርስ ሲወልቅ የመንጋጋ አጥንት ራሱ ይቀንሳል፤ አገጭም ወደ አፍንጫ ይቀርባል። ጉንጭ በክብደት ይሞላል፣ በሕመም ይጎድላል። ፀጉር፣ ጢም፣ ሽበት ስለሚባለው መናገር አያስፈልግም። ፍንጭት እንኳ አስተማማኝ አይደለም። በልጅነቷ ፍንጭት የነበረች ሴት በስልሳ ዓመቷ ሰው ሠራሽ ጥርስ አስተክላ ሊሆን ይችላል።

የሚቆየው ምንድን ነው? ሁለት ነገር ላይ ልቆይ፦ ጆሮና የቆዳ ምልክት።

ጆሮን ማንም አያይም። ለዚህ ሥራ ግን ከጆሮ የሚበልጥ ክፍል በጣም ጥቂት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፓሪስ ፖሊስ ይሠራ የነበረው አልፎንስ ቤርቲዮን የተያዘ ሰው ከፊት ብቻ ሳይሆን ከጎንም ፎቶ እንዲነሳ ሥርዓት አበጀ። ጆሮን ሰው ለመለየት ከሁሉ የሚጠቅም የፊት ክፍል አድርጎ ይቆጥር ነበር። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። ጆሮ ጡንቻ አይስቅበትም፣ አያዝንበትም። ስንናደድም ስንደሰትም ቅርጹ ያው ነው። ብዙ ስብ የለውም፤ ስለዚህ ስንወፍር ብዙም አይቀየርም። ቅርጹንም ገና ስንወለድ ይዘነው ነው የምንመጣው።

ጆሮን ስታዩ አራት ቦታ ተመልከቱ። መጀመሪያ የውጪውን ዳር፦ የት ላይ ይጠቀለላል፣ የት ላይ ይሳሳል፣ ጫፉ ሾጣጣ ነው ወይስ ክብ? ሁለተኛ ከዳሩ ቀጥሎ ወደ ውስጥ ያለውን እጥፋት፤ ወደ ላይ ሲወጣ ለሁለት ይከፈላል፣ የአከፋፈሉም ስፋት ከሰው ሰው ይለያያል። ሦስተኛ በጆሮ ቀዳዳው አፍ ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩትን ሁለት ጉብታዎች፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ጠባብ ነው ወይስ ሰፊ? አራተኛ ጉትቻ የሚንጠለጠልበትን ለስላሳ ክፍል። አንዳንዱ ሰው ላይ ከጉንጭ ተለይቶ ይንጠለጠላል፤ ሌላው ላይ ቀጥታ ከጉንጭ ጋር ይያያዛል።

ጆሮም ያረጃል። እ.ኤ.አ. በ1995 እንግሊዝ አገር የታተመ ጥናት ከ30 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎችን ለክቶ፣ ጆሮ በዓመት 0.22 ሚሊሜትር ያህል እንደሚረዝም አመለከተ። በአርባ ዓመት ወደ 9 ሚሊሜትር ይሆናል። ይህ ቀላል አይደለም፤ የሽማግሌ ጆሮ ትልቅ የሚመስለን በእርግጥም ትልቅ ስለሆነ ነው። በግልጽ የሚላላውና የሚንጠለጠለው ደግሞ ያ ለስላሳው የታችኛው ክፍል ነው። ከባድ ጉትቻ ስታደርግ የኖረች ሴት ላይ ቀዳዳውም ይረዝማል። ስለዚህ የጆሮ ርዝመት አይነጻጸርም። የሚነጻጸረው የእጥፋቶቹ አቀማመጥ ነው። ሌላም ማስታወሻ፦ የአንድ ሰው ግራና ቀኝ ጆሮ ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ግራን ከግራ፣ ቀኝን ከቀኝ ጋር ነው ማየት።

የቆዳ ምልክት ላይ ደግሞ ዋናው ነገር ቦታው ነው። «ማርያም የሳመችው» የምንለው ምልክት፣ የቁስል ጠባሳ፣ ንቅሳት፣ ሁሉም ዕድሜ ይገፋሉ። ጥቁር ነጥብ በወጣትነት አዲስ ሊወጣ፣ በእርጅና ሊደበዝዝ ይችላል። ጥልቅ ጠባሳ ግን አይጠፋም። በተለይ ቅንድብ ላይ ያለ ጠባሳ ጥሩ ነው፤ የፀጉሩ ሥር ከሞተ በዚያ ቦታ ፀጉር አይበቅልምና መስመሩ ክፍት ሆኖ ይቀራል።

ግን ምልክቱ ምን ያህል ብርቅ ነው ብላችሁ ጠይቁ። በአንዳንድ አካባቢ ልጆች ዓይናቸውን ሲያማቸው ቅንድባቸው አጠገብ ይበጣሉ። ከዚያ አካባቢ የመጡ ሁለት ሰዎች ሁለቱም የመበጣት ጠባሳ ቢኖራቸው የሚያስደንቅ አይደለም። ክብ ፊት፣ ሰፊ ግንባር፣ ትልቅ ዓይንም እንዲሁ ናቸው። በሺህ የሚቆጠር ሰው የሚጋራውን ነገር አሥር ጊዜ ብትቆጥሩት ማስረጃ አይሆንም። በተቃራኒው አንድ እውነተኛ ልዩነት፣ በዕድሜም በካሜራም በጉዳትም ሊብራራ የማይችል ልዩነት፣ አሥሩን ተመሳሳይነት ይጥላል። ሥራው ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ «ምን ይመሳሰላል?» ከሚለው ይልቅ «የማይገጥም ነገር አለ? ካለስ ምክንያት አለው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

የአንዲት እናት ጉዳይ

በስልሳዎቹ መጨረሻ ላይ ያሉ አንዲት የሰፈራችን እናት ሁለት ፎቶ ይዘው መጡ። አንደኛው ታላቅ ወንድማቸው ነው፤ በ1968 ዓ.ም. የተነሳ ጥቁርና ነጭ ፎቶ። ጀርባው ላይ የፎቶ ቤቱ ማኅተም አለ፣ ከተማውም ያን ጊዜ በሚጠራበት ስም «ናዝሬት» ይላል። ወንድማቸው 22 ዓመቱ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ከቤት ወጣ፣ አልተመለሰም። ሁለተኛው ከጅቡቲ በቴሌግራም የመጣ የአንድ ሽማግሌ ፎቶ ነው።

ቤተሰቡ ወስኖ ጨርሷል። «ጠባሳው እንኳ አለ እኮ፣ ልጄ!» አሉኝ እናትየው። እውነትም በሁለቱም ፎቶ፣ ለሚያየው ሰው በግራ በኩል ያለው ቅንድብ ውጫዊ ጫፉ ላይ በመስመር ተቆርጧል። ግንባሩ ይመሳሰላል። የዓይኑ አቀማመጥ ይመሳሰላል። ጎረቤት ሁሉ አይቶ «እሱ ነው» ብሏል።

መጀመሪያ አዲሱን ፎቶ ዘግተን አሮጌውን ብቻ ያዝን። በ600 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 600 ነጥብ፣ ስካን አደረግሁት። ወረቀቱ ላይ ጆሮው አንድ ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ በስካኑ ከ200 ነጥብ በላይ ቁመት ወጣው፣ እጥፋቶቹን ለማየት ይበቃል። ሰውየው ፊቱን ትንሽ ወደ ራሱ ግራ አዙሯል። ስለዚህ የሚታየን ቀኝ ጆሮው ነው። የኮቱ የደረት ኪስ በእሱ ግራ በኩል ስለሆነ ፎቶው አልተገለበጠም። ከዚያ ጻፍን፦ ቀኝ ቅንድብ፣ ውጫዊው ጫፍ ላይ የተቆረጠ። ቀኝ ጆሮ፣ ለስላሳው ክፍል ከጉንጭ ተለይቶ የተንጠለጠለ። በቀዳዳው አፍ ባሉት ጉብታዎች መካከል ጠባብ ክፍተት። የቅንድቡ መስመር ጭረት እንዳይሆን ደግሞ የወንድማቸውን አሮጌ መታወቂያ አስመጣን። እሱ ላይ ያለው ጉርድ ፎቶ በሌላ ቀን የተነሳ ነው። እዚያም ያው ቅንድብ፣ በዚያው ቦታ ተቆርጧል። ጠባሳው እውነት ነው።

ከዚያ አዲሱን ከፈትን። ሰልፊ ነው፣ ቅርብ ነው። አፍንጫና ጉንጭን ወደ ጎን ተውናቸው። ከሽማግሌው ኋላ የሱቅ ሰሌዳ አለ፣ በፈረንሳይኛ የተጻፈ። ፊደሎቹ ግን ተገልብጠዋል። ፎቶው እንደ መስታወት ነው የተቀመጠው ማለት ነው። መልሼ ስገለብጠው ጠባሳው የግራ ቅንድብ ሆነ። የሚታየውም ጆሮ የግራ ጆሮ ሆነ። ሁሉንም ያሳመነው ምልክት በሌላኛው ቅንድብ ላይ ነበር።

እዚህ ላይ «አይደለም» ብሎ መጨረስ ቀላል ነበር። ግን ተገቢ አይደለም። አንድ ሰው በሃምሳ ዓመት ውስጥ በግራ ቅንድቡም ሊቆስል ይችላል። የሚያስፈልገን የሽማግሌውን ቀኝ ቅንድብ ማየት ነው፤ እሱ ደግሞ ፎቶው ላይ ጥላ ውስጥ ነው። ጆሮውም የግራ ስለሆነ ከቀኙ ጋር አይነጻጸርም። በዚህ ፎቶ መልስ የለም። ስለዚህ ሌላ ፎቶ ጠየቅን። በስልኩ የኋላ ካሜራ፣ ሁለት ሜትር ርቆ፣ ያለ ፊልተር፣ መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን፤ አንድ ከፊት፣ አንድ ከቀኝ፣ አንድ ከግራ። ኮፍያ ካለ ይውለቅ። በቴሌግራም ሲላክ እንደ ፋይል ይላክ፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቅና ዝርዝሩ ይጠፋል።

ፎቶዎቹ መጡ። የቀኝ ቅንድቡ ሙሉ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር አልተቆረጠም። የቀኝ ጆሮው ለስላሳ ክፍል ቀጥታ ከጉንጩ ጋር ተያይዟል። በጉብታዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ነው።

እያንዳንዱን ልዩነት ለማብራራት ሞከርን። ሥር የሞተበት ቅንድብ በራሱ አይሞላም። የተንጠለጠለ ጆሮ በዕድሜ የበለጠ ይንጠለጠላል እንጂ ከጉንጭ ጋር አይያያዝም፤ ቃጠሎ ወይም ቀዶ ሕክምና ቢሆን ቆዳው ላይ ይታይ ነበር፣ ቆዳው ግን ንጹሕ ነው። የካሜራው አቅጣጫ እንዳያታልለን ከአሮጌው ፎቶ ጋር በተቀራራቢ ማዕዘን የተነሳውን ነው ያየነው። ሦስቱም ልዩነቶች ምክንያት አልተገኘላቸውም። አንድ ሌላ ሰው፣ ታሪኩን ያልሰማ፣ የጆሮና የቅንድብ ስካኖቹን ብቻ ለየብቻ አየ። እሱም «የተለያዩ ሰዎች ናቸው» አለ። ይህን በአንድ ክፍል ተሰብስቦ ማድረግ አይጠቅምም። ቡና እየተጠጣ አንዱ ሲናገር ሌላው ይከተላል። ለየብቻ ተጠይቀው አንድ መልስ ከመጣ ግን ዋጋ አለው።

ለእናትየው የነገርኳቸው «እኝህ ሰው ወንድምዎ አይደሉም» ብዬ ነው። ይህን ያህል በእርግጠኝነት የተናገርኩት መልሱ «አይደለም» ስለሆነ ነው። «ነው» ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልልም ነበር። ሁሉም ነገር ቢገጥም እንኳ ከፎቶ ማለት የሚቻለው «ልዩነት አላገኘሁም፣ እሱ ሊሆን ይችላል» ነው፤ ብርቅ ምልክቶች በትክክለኛ ቦታቸው ከተገኙ ደግሞ «ሳይሆን አይቀርም»። ወንድማማቾችና የአክስት ልጆች ግንባርም፣ አገጭም፣ አንዳንዴም ጆሮ ይጋራሉ። ቁርጥ አንድ የሚመስል መንታ ካለ ፎቶ ብቻውን ብዙም አይፈታም፤ የሚለያዩት በዋናነት በጠባሳና በመሳሰለው ነው። ሽማግሌው በሕይወት ካሉና ፎቶው ከገጠመ፣ ቀጣዩ እርምጃ ከእህት ጋር የዲኤንኤ ምርመራ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ በስልክ ቤተሰቡ ብቻ የሚያውቀውን መጠየቅ። ገንዘብ መላክ ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሚመጣው።

እናትየው አሁን አንድ ፖስታ አላቸው። ውስጡ የስካኑ ህትመት፣ የመታወቂያው ፎቶ ቅጂና ከአሮጌው ፎቶ ብቻ የተጻፈው ዝርዝር አለ፦ ቀኝ ቅንድብ ውጫዊ ጫፉ የተቆረጠ፣ ቀኝ ጆሮ የተንጠለጠለ፣ ክፍተቱ ጠባብ። ከዝርዝሩ ሥር መጠየቅ ያለባቸው ሦስት ፎቶዎች ተጽፈዋል፤ ከፊት፣ ከቀኝ፣ ከግራ። ከሌላ ቦታ አዲስ ፎቶ ከመጣ ማንም ሰው ፊቱን አይቶ አስተያየት ከመስጠቱ በፊት መጀመሪያ የሚከፈተው ይህ ፖስታ ነው።